አንድ ሜትር ወደ ላይ

ጋሽ ካሳዬ የውኃ አባት የሆኑት ተወዳድረው አሸንፈው አይደለም። ሌላው ሁሉ አቀርቅሮ ጫማውን ሲያይ ቀና ብለው የተገኙት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስቶክሆልም ዳር ዩልስታ የሚባል ሰፈር፣ ከሜትሮው መጨረሻ ፌርማታ ወዲያ፣ ፎቆቹ አልቀው ሜዳው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ሠላሳ የአትክልት መደቦች አሉ። አብዛኞቹን የያዝነው እኛ ሐበሾች ነን፤ ጎመኑ፣ ቃሪያው፣ ጤና አዳሙ እየተጋፋ ይበቅላል። በሜዳው ጥግ አንድ ጠባብ ቦይ ያልፋል፤ ወርዶ ወርዶ ከተማው ለእንቁራሪቶች ብሎ ያስቆፈረው ኩሬ ውስጥ ይገባል። ከሁለት ዓመት በፊት ማኅበራችን ከቦዩ በፓምፕ ውኃ ለመሳብ ቲልስቶንድ፣ ማለትም ፈቃድ፣ ሲጠይቅ ከተማው እሺ አለ። ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ እኛ ከሳብን በኋላ ለእንቁራሪቶቹ በሰከንድ ቢያንስ ሁለት ሊትር ማለፍ አለበት። ካነሰ ፓምፑ ይጠፋል። ይህንንም በየማለዳው እያነበበ ለቢሮው የሚልክ አንድ ሰው ይሰየም ተባለ። ጫማው የታየው ያኔ ነው።

«እኔ አነባለሁ» አሉ ጋሽ ካሳዬ።

ሥራው ለእሳቸው እንግዳ አልነበረም። በጎረምሳነታቸው አዋሽ ሸለቆ አንድ የመስኖ እርሻ ላይ ውኃ ለኪ ነበሩ። ከዚያ ስደት መጣ፤ ከዚያም ሃያ ስድስት ዓመት የስቶክሆልምን አውቶቡስ ነዱ። ጡረታ ሲወጡ በእጃቸው የቀረው የጀርባ ሕመምና ሰዓት የማክበር በሽታ ብቻ ነበር። የከተማዋ ሠራተኛ ማሊን መጥታ ከፓምፑ ዝቅ ብሎ ቦዩን የሚዘጋ ወፍራም ላሜራ አቁማ፣ በላሜራው አናት መሃል ላይ በቪ ቅርጽ የተቆረጠ አፍ ስታሳያቸው፣ ጋሽ ካሳዬ የድሮ ወዳጅ እንዳገኘ ሰው ፊታቸው በራ።

«ይኸን አውቀዋለሁ!» አሏት። «ውኃው ሌላ መውጫ የለውም፤ በዚህች ሹል አፍ ብቻ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ከሹሉ ጫፍ በላይ ስንት ሴንቲሜትር እንደቆመ ካየሁ፣ ስንት ሊትር እንዳለፈ አወቅሁ ማለት ነው።»

ማሊን ሠንጠረዡን ሰጠቻቸው። ሰባት ሴንቲሜትር ሲሆን በሰከንድ አንድ ነጥብ ስምንት ሊትር ነው፤ ስምንት ሴንቲሜትር ሲሆን ሁለት ሊትር ተኩል። አፉ ወደ ላይ እየሰፋ ስለሚሄድ ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን ውኃው እጥፍ አይሆንም፤ ከአምስት እጥፍ በላይ ይሆናል። በዚህ የተነሣ የአንዲት ሴንቲሜትር ስሕተት ቀላል ስሕተት አይደለችም። ቢሮው ከትንሽ መጠባበቂያ ጋር ወሰኑን ሰባት ተኩል ላይ አደረገው። ባለ ቁጥሩን የመለኪያ ዘንግ ግን ማሊን ላሜራው ላይ አላቆመችውም። ውኃው ወደሚመጣበት ወደ ላይ አንድ ሜትር ርቃ፣ ጸጥ ብሎ ከተኛበት፣ ከአንድ የእንጨት ምሰሶ ጋር አሰረችው። በምሰሶውም ላይ ከሹሉ ጫፍ ጋር በልክ እኩል በሆነ ከፍታ ምስማር መታች። ዜሮ ማለት እሱ ነው።

ሁለት በጋ እንዲህ በሰላም አለፈ። ጋሽ ካሳዬ በየማለዳው አንድ ሰዓት ላይ የቦዩን ዳር እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ፣ በርከክ ይላሉ፣ ዓይናቸውን ያጨናብሳሉ፣ ቁጥሩን ይልካሉ። በዝናብም አነበቡ፤ በልጃቸው ሠርግ ማግስትም አነበቡ። ከመውረዱ መውጣቱ ይብስ ስለነበር ሲወጡ የሚያሰሙት ማቃሰት እስከ መጨረሻው መደብ ይሰማል። ዘንጉ ከሚለው ሌላ ቁጥር ልከው አያውቁም።

ዘንድሮ በሐምሌ መግቢያ ጋሽ ካሳዬ የዓይን ሞራቸውን ሊያስገፍፉ ሐኪም ቤት ገቡ፤ ዐሥር ቀን ቤት ይቀመጡ ተባሉ። በዚያ ዐሥር ቀን ዝናብ የሚባል ጠፋ። ምድሩ እንደ ደረቀ ቂጣ ተሰነጣጠቀ። ማኅበሩም ደግ ነገር አሰበ።

ያሰበው ኤርሚ ነበር። ኤርሚ አናጢ ነው፤ የጴንጤ ልጅ፣ ለሰው ሲሠራ ደክሞት የማያውቅ። እነዚያን ዐሥር ቀናት ዘንጉን የማንበብ ተራው የሱ ነበርና፣ የጋሽ ካሳዬን ሥቃይ በገዛ ጉልበቱ ቀመሰው። በዕረፍቱ ሁለት ቀን ወስዶ፣ ልክ ከላሜራው በላይ ቦዩን የሚሻገር የእንጨት መድረክ ሠራ፤ መደገፊያ ያለው፣ ደረጃ ያለው፣ በመሃሉም ወንበር ያለው። ወንበሩ ላይ በጋለ ብረት «ጋሽ ካሳዬ» ብሎ ጻፈበት። በመጨረሻም ዘንጉን ከሩቁ ምሰሶ ፈትቶ አመጣና ከቪው አፍ ጀርባ፣ አንድ ጣት ብቻ ርቆ፣ ከወንበሩ ሳይነሡ እንዲታይ አድርጎ አቆመው። ዜሮውን ከሹሉ ጫፍ ጋር በውኃ ልክ አስተካከለ። እንከን የለሽ ሥራ ነበር፤ ቦታው ብቻ ነው የተሳሳተው።

ጋሽ ካሳዬ የተመለሱ ቀን ሰው ሁሉ ወጥቶ ጠበቃቸው። ወንበሩ ላይ አስቀመጧቸው፣ አጨበጨቡላቸው። ከጎናቸው ያለው መደብ ባለቤት፣ የሰባ አራት ዓመቷ እትዬ ብርቅአየሁ፣ እልል አሉ። ጋሽ ካሳዬ ለሁሉም እጅ ነሡ። ከዚያ በአዲሱ ዓይናቸው ወደ ታች ተመለከቱ።

ዓይናቸው ጥሩ አድርጎ ተሠርቷል። ውኃው ከሩቅ ጠፍጣፋ ሆኖ ይመጣና አፉ ጋ ሲደርስ ለመውደቅ ሲጣደፍ ጎንበስ ሲል ወለል ብሎ ታያቸው። ዘንጉ የቆመው በዚያ ጎንበስ ባለው ላይ ነው። ሰባት ሴንቲሜትር ከአንድ ሚሊሜትር፣ ሰባት ከአንድ ይላል። ከወሰኑ በታች ነው።

«እንዴት ነው ጋሼ? ይመቻል?» አለ ኤርሚ፤ ፊቱ እንደ ልጅ ፈክቶ።

አሁን እዚህ ላይ አንድ ፈረንጅ ቢሆን «ይቅርታ፣ ዘንጉ ያለ ቦታው ነው» ብሎ ነገሩ ያልቅ ነበር። ጋሽ ካሳዬ ግን ይሉኝታ ያሳደጋቸው ሰው ናቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ላቡን ላፈሰሰ ልጅ፣ ሰው ሁሉ በቆመበት፣ ስማቸው በተጻፈበት ወንበር ላይ ተቀምጠው ምን ይበሉ?

«ኧረ እጅግ! እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉ።

አሉና ሰባት ከአንድን ላኩ። ላኩና ደንቡ ስለሆነ ፓምፑን በገዛ እጃቸው አጠፉ። ጭብጨባው ያኔ ቆመ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ማንም ሳይመጣ፣ ኪሳቸው ውስጥ የደበቁትን ሜትር ይዘው ወደ ድሮው ምሰሶ ወረዱ። ፓምፑን ለአፍታ አስነሥተው ውኃው እስኪረጋ ጠበቁና ከማሊን ምስማር እስከ ውኃው ፊት ለኩ። ስምንት ሴንቲሜትር! ሁለት ሊትር ተኩል እያለፈ ነው፤ እንቁራሪቶቹ ጠግበው ያድራሉ። ደስ አላቸው፣ ወዲያው ደግሞ ደስታው እንደ እሾህ ወጋቸው። ምክንያቱም አሁን የሚያውቁት ነገር አለ፣ የማይናገሩትም ነገር አለ፤ ሁለቱ አንድ ናቸው። «ዘንጉን አንቀሳቅሱ» ቢሉ ኤርሚ ያፍራል። ይባስ ብሎ ሰው «ውኃው ሲጎድል ዘንጉን አዛወሩት» ይላል። አድርገውት በማያውቁት ማጭበርበር ሊታሙ ነው። ስለዚህ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ዘንጉ ያለውን፣ ያንኑ ሰባት ከአንድ ላኩ፤ ፓምፑንም መልሰው አጠፉ።

ከሰዓት በኋላ አንዷ ከመደቧ ጮኸች፦ «ጋሽ ካሳዬ! ሰባት ከሰባት ይላልኮ! ከወሰኑ በላይ ነው፣ ይክፈቱልን!» እውነቷን ነው፤ ፓምፑ ስለጠፋ እኛ የምንስበው ውኃም በቪው ያልፋልና ከፍ ብሏል። ፓምፑን አስነሡት። ሰዉ ማጠጫውን ይዞ ተሯሯጠ። ገና ስድስት ሰው እንኳ ሳይቀዳ ዘንጉ ተመልሶ ሰባት ከአንድ ላይ ተቀመጠ፤ ጋሽ ካሳዬም አጠፉት። ያን ቀን እንዲህ ሦስት ጊዜ ተከፈተ፣ ሦስት ጊዜ ተዘጋ። «ጋሽ ካሳዬ ከእንቁራሪቶቹ ጋር ተዛምደዋል» የሚል ወሬ መደብ ለመደብ ዞረ። ሰምተው እንዳልሰማ ሆኑ።

ማሊን በስልክ መልእክት ላከች፦ «ሁለት ቀን ከወሰን በታች ነው። ነገ ሐሙስ በአራት ሰዓት እመጣለሁ። ፓምፑ እየሠራ ያው ከሆነ እስከ መስከረም አሽገዋለሁ።»

እስከ መስከረም! እስከዚያ ምን ቃሪያ ይተርፋል?

ያን ዕለት ሊመሽ ሲል፣ ጋሽ ካሳዬ ሳይመለከቱ ለማለፍ የማይችሉት ነገር አዩ። እትዬ ብርቅአየሁ የልጅ ልጃቸውን የድሮ ጋሪ እየገፉ በፎቆቹ መሃል ይመጣሉ። ጋሪው ላይ ሕፃን የለም፤ አራት ጀሪካን ውኃ ነው ያለው። ሦስተኛ ፎቅ ካለው ቤታቸው ሞልተው፣ በሊፍት አውርደው፣ ሜዳውን አቋርጠው አምጥተውታል። መደባቸው ዳር ቆመው ለእያንዳንዱ ቃሪያ በጣሳ ጣሳ እየሰፈሩ አጠጡ። ወደ ጋሽ ካሳዬ ዞረው አንድም የቅሬታ ቃል አልተናገሩም። «እንደምን አመሸህ ካሳዬ፣ ዓይንህ ዳነ?» ብቻ አሉ።

«ተመስገን፣ ድኗል እትዬ» አሉ ጋሽ ካሳዬ። ኀፍረት ከእግር እስከ ራሳቸው አቃጠላቸው። ከወንበራቸው ተነሥተው በቀጥታ ወደ ኤርሚ ቤት ሄዱ።

ኤርሚ በሩን ከፍቶ ሲያያቸው ደነገጠ። አስገባቸው፣ ሶፋ ላይ አስቀመጣቸው። ጋሽ ካሳዬ ስለ ጤናው ጠየቁ። ስለ ሥራው ጠየቁ። ስለ እናቱ ጤና፣ ስለ እናቱ ሥራ፣ ስለ መኪናው ጎማ ጠየቁ። ስለ ጥድ እንጨት ዋጋ መናገር ሲጀምሩ ኤርሚ ራሱን አከከ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልበልዎት? አይቆጡኝም?»

«እኔም አንድ ነገር ልልህ ነበር። አንተ ቅደም።»

«ዘንጉን ሳዛውረው…» አለ ኤርሚ፤ ድምፁ ወረደ። «የድሮው ቦታ ላይ እያለ ስምንት ነበር። ፈትቼ አፉ ጋ ሳቆመው ሰባት ከአንድ ሆነ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ። ገርሞኝ ነበር። ግን እርስዎ መጥተው አዩትና ይመቻል አሉ። ሙያተኛው እርስዎ ነዎት፣ እኔ ማን ነኝ ብዬ ዝም አልኩ።»

ጋሽ ካሳዬ ወደ እሱ ጠጋ አሉ። «እኔ ደግሞ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ያየሁት ገና ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ነው። ልጁን አላሳፍርም ብዬ ዝም አልኩ።»

መጀመሪያ የሳቀው ኤርሚ ነው። ከዚያ ጋሽ ካሳዬ። አዲሱ ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ፤ እንዳያሹት ሐኪሙ ስለከለከላቸው እንባው ጢማቸው ላይ ወረደ።

«እሺ አሁን ምን እናድርግ?» አለ ኤርሚ ሲረጋጋ። «ዛሬውኑ ሄጄ ልመልሰው?»

«አይሆንም! ማሊን የላክንላትን ቁጥር ታያለች። ስምንት፣ ከዚያ ሰባት ከአንድ፣ ከዚያ እሷ በምትመጣበት ጠዋት እንደገና ስምንት። አንተ ብትሆን ታምናለህ?» ጋሽ ካሳዬ ጥቂት አሰቡና ጭናቸውን መቱ። «ባለ መስመሩ የቀለም ባልዲህ ስንት ይይዛል?»

ሐሙስ አራት ሰዓት ማሊን መጣች። ሰዉ ሁሉ በመደቦቹ መሃል ቆሟል፤ ቀብር የመጣ ይመስላል። ፓምፑ እየሠራ ነው። ዘንጉን አየች፤ ሰባት ከአንድ። ከቦርሳዋ የማሸጊያውን ገመድ ማውጣት ስትጀምር ጋሽ ካሳዬ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ማሊን፣ ዘንጉ ያለ ቦታው ነው ያለው። የምነግርሽን አትመኚ፤ ባልዲውን እመኚ። ሰባት ከአንድ እውነት ከሆነ ዐሥር ሊትር ለመሙላት ወደ አምስት ሰከንድ ተኩል ይፈጃል። እኔ እንደምለው ስምንት ከሆነ ግን በአራት ሰከንድ ይሞላል። ሰዓቱን አንቺ ያዢ።»

ማሊን ባልዲውን ተቀብላ የውስጡን መስመሮች በጣቷ ቆጠረች፤ ስልኳን አወጣች። ኤርሚ በጎማ ጫማው ከላሜራው በታች ገባ። ውኃው ከቪው አፍ ወጥቶ ከጉልበት ከፍታ በነጻ ይወድቃል፤ ባልዲው ከሥሩ ይገባል።

«አሁን!» አለች። ኤርሚ ባልዲውን ከሥር አስገባው። አንዲት ጠብታ ወደ ውጭ አላመለጠችም። ውኃው ከዐሥሩ መስመር ሲደርስ አወጣው። ሠላሳ ሰው ወደ ስልኩ አንገቱን አሰገገ።

«አራት ከአንድ» አለች።

ደገሙት። ሦስት ከዘጠኝ። ደገሙት። አራት። በአምስተኛው ማሊን ስልኳን ኪሷ ከተተች፤ ቦት ጫማዋን አድርጋ ወደ ድሮው ምሰሶ ወረደች። የራሷን ምስማር አገኘች፤ ከምስማሩ እስከ ውኃው ፊት በራሷ የብረት ማስመሪያ ለካች። ቀና ስትል ፈገግ ብላለች።

«ስምንት» አለች። «በሰከንድ ሁለት ሊትር ተኩል። እንቁራሪቶቹ አልተጎዱም። ዘንጉ ወደዚህ ይመለስ፣ እዚያ ሲቆም ሁልጊዜ አሳንሶ ነው የሚያሳየው። ግን ካሳዬ፣ አንተ ይህን ታውቃለህ። መቼ ነው ያወቅኸው?»

የጠየቀችው በስዊድንኛ ነው፤ የገባው ሰው ግን ብዙ ነበር። እዚህ ላይ ጋሽ ካሳዬ «አሁን ነው» ቢሉ ማንም አይመረምራቸውም ነበር። ኤርሚን አዩት፤ አንገቱን ደፍቷል፤ ጥፋቱ በሱ ሊወድቅ ነው። ጋሽ ካሳዬ ወደ ሰዉ ዞሩ፤ በአማርኛ ተናገሩ።

«በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁት። ልጁ በፍቅር ሠራው፤ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ አውቄም ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ሁለት ቀን የተጠማችሁት በኔ ነው። አፈርኩ፤ ይቅር በሉኝ።»

ከዚያ እትዬ ብርቅአየሁ ጋሪያቸውን ትተው ወደ ፊት መጡ።

«አንተ ካሳዬ» አሉ። «ሁለት ቀን ጀሪካን አስጎትተህ! ሐኪም ቤት የሄድከው ዓይንህን ልታስከፍት ነው ወይስ አፍህን ልታስዘጋ?»

ሳቁ ከመደብ ወደ መደብ ተዛመተ፤ ማሊን ሳይገባትም ሳቀች። ጋሽ ካሳዬ ብቻ አልሳቁም። «ቅጣቴን ይንገሩኝ እትዬ» አሉ።

እትዬ ብርቅአየሁ አገጫቸውን ያዝ አድርገው አሰቡ። «ከነገ ጀምሮ ቁጥሩን ለፈረንጆቹ ከመላክህ በፊት ለኛ ጮኸህ ትናገራለህ። ቁጥሩን ብቻ አይደለም፤ ያየኸውን ሁሉ፣ የታዘብከውን ሁሉ። ደስ ቢለንም ባይለንም።»

«ደስ ባይላችሁም?»

«ባይለንም!» አለ ሰዉ በአንድ ድምፅ።

ፓምፑ በዚያው ቀጠለ። ማሊን ስትሄድ ሁለት እፍኝ ቃሪያ ተሸክማ ነበር፤ እምቢ ብትልም አልተሰማችም። ኤርሚ ከሰዓት ዘንጉን ወደ ምሰሶው መለሰ፤ ለመድረኩም አንድ ሜትር ወደ ላይ፣ እስከ ምሰሶው የሚደርስ ጣውላ ቀጠለለት። ወንበሩን ጭምር አዛወረው።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ ገና ጤዛው ሳይረግፍ ጋሽ ካሳዬ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። አጎንብሰው አዩ፤ ውኃው ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ጉሮሯቸውን ጠራረጉና እስከ መጨረሻው መደብ በሚሰማ ድምፅ ጮኹ።

«ስምንት ነው! ፓምፑ ይሠራል! ኤርሚ፣ የግራው መደገፊያ ይንቀሳቀሳል! እትዬ ብርቅአየሁ፣ ቃሪያዎት ላይ ውኃ አብዝተውበታል፣ ሥሩ ሊበሰብስ ነው!»

ከዚያ ከቃሪያው ተክል መሃል የእትዬ ብርቅአየሁ ድምፅ መጣ።

«ዝም ብትል ይሻል ነበር!» አሉ፤ አሉና ማጠጫቸውን አስቀመጡ።